«እኛ» ስትዪ ማንን ማለትሽ ነበር?

ጥያቄ፦ ለአራት ዓመት እንቅልፍ ለሚያጡ ሰዎች ማታ ማታ የሚለቀቅ የድምፅ ፖድካስት ስሠራ ነበር። ቀስ ብዬ፣ ከአንድ ሰው ጋር እንደማወጋ ነበር የማወራው። ከሁለት ወር በፊት ስሙንም ይዘቱንም ቀይሬ ከእንግዶች ጋር ስለ ሥራ ዓለም መወያየት ጀመርኩ። ከዚያ «ከዳሽን»፣ «ሌላ ሰው ሆንሽ» የሚል መዓት ወረደብኝ። አንድ የማውቀው ልጅ የስልክ ጥገና ቻናሉን ወደ ካሜራ ሲቀይር ግን ማንም አልተቆጣውም፤ ተመልካቹ ቀነሰ፣ በቃ። እኔ ሳንቲም አስከፍያቸው አላውቅም። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? 40 አስተያየቶችን፣ ከድሮውና ከአዲሱ ዝግጅት ደግሞ ናሙና አያይዣለሁ።

ምላሽ፦

የልጁ ተመልካቾች የመጡት የተበላሸ ስልክ ይዘው ነው። ስልኩ ሲሠራላቸው ወይም ቻናሉ ስለ ስልክ ማውራት ሲያቆም ጉዳያቸው ያልቃል፤ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። በእሱና በእነሱ መካከል የነበረው ስልኩ ነው። በአንቺና በአድማጮችሽ መካከል እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለ እንቅልፍ ማወቅ የሚገባውን በጥቂት ሳምንት ሰምቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት የቆየው ሌላ ነገር አግኝቶ ነው። ስለዚህ ርዕስ መቀየርሽ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሰዎቹን ያስቆጣቸው ከርዕሱ ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም በላክሻቸው ናሙናዎች ውስጥ በግልጽ ይሰማል።

በሙያው ይህ ፓራሶሻል ግንኙነት ይባላል። እኔ ግን የአንድ ወገን ቅርርብ ብለው ይቀለኛል። ስሙን ያወጡለት ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1956። ጊዜው ቴሌቪዥን በየቤቱ የሚገባበት ነበር፤ ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ግን የአንቺን ፖድካስት ቁርጥ ነው። በአሜሪካ ሬዲዮ የሚተላለፍ፣ ስሙ «ብቸኛዋ ልጅ» እንደማለት የሆነ ዝግጅት ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና፣ ብቻውን ላለ ሰው በለሆሳስ ታወራለች። ናፍቄሃለሁ፣ አረፍ በል፣ እያለች። ለማን እንደምታወራ አታውቅም፤ የሚሰማት ሰው ግን ለእሱ እንደምታወራ ነው የሚሰማው።

ሆርተንና ዎል አድማጩን ሞኝ ነው አላሉም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አድማጩ ሴትዮዋ እንደማታውቀው ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ቅርርብ ማለት ማወቅ ብቻ አይደለም። ድምፅ፣ ሰዓት፣ ቃና፣ የተለመደ ሰላምታ ተደማምረው አንድ ሰው አጠገቡ እንዳለ ያለማምዱታል። ከጽሑፋቸው ለአንቺ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው፦ ግንኙነቱን የሚመራው ተናጋሪው ብቻ ነው። አድማጩ ዛሬ ሌላ ነገር እናውራ ማለት አይችልም፣ ቆይ ልጨርስ ማለት አይችልም። ያለው ሥልጣን አንድ ነው፤ መሄድ። እውነተኛ ጓደኛ ሲለወጥብን እንጠይቀዋለን፣ እናኮርፋለን፣ እንታረቃለን። ለአንቺ አድማጭ ግን ይህ ሁሉ መንገድ ዝግ ነው፤ የቀረው መሄድና ሲሄድ በሩን በኃይል መዝጋት ነው። «ከዳሽን» የሚለው ቃል የበር ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ቃናው። ቲሎ ሃርትማንና ሻርሎት ጎልድሆርን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሙከራ ተመልካቾች አንዲት ተናጋሪ በቀጥታ እያየቻቸው ስታወራ ወይም ወደ ጎን ዞራ ስታወራ እንዲያዩ ተደረገ። የንግግሯም አነጋገር ለእነሱ የተስማማ ወይም ያልተስማማ ነበር። ፊቷን ያዞረችላቸውና በሚስማማቸው አነጋገር ያናገረቻቸው ተመልካቾች «እሷም እኔን ታውቀኛለች» የሚል ስሜት በርትቶባቸው ነበር። በድምፅ ብቻ ሲሆን ፊት ማዞር የለም። የፊቱን ሥራ የሚሠሩት ቃላቱ፣ ፋታዎቹ እና የማይክሮፎኑ ቅርበት ናቸው።

አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ለማታውቂው አንድ ሰው ስታወሪ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግድ ነው፤ አንዱን ስትመርጪ ግማሹ አድማጭ ይወጣል። «እናንተ» ብትዪ አዳራሽ ይሆናል። «እርስዎ» ካልሽ ከትራስ ጎን ያለው ሰው ተነስቶ ይቀመጣል። (እኔ ራሴ ገና ሳላውቅሽ «አንቺ» እያልኩሽ ነው፤ ጥያቄሽን ያቀረብሽበት አነጋገር ስለፈቀደልኝ ነው።) አንቺ ምን እንዳደረግሽ ከድሮው ናሙና ሰማሁ። ብታስቢበትም ባታስቢበትም በ«እኛ» ነው ያመለጥሽው። «ዛሬም አልተኛንም፣ አይደል?» ትያለሽ፤ ከዚያ ሦስት ሴኮንድ ያህል ዝም። «እንግዲህ መብራቱን እናጥፋ።» ደግሞ ዝም። እነዚያ ፋታዎች ባዶ አይደሉም፤ አድማጩ በሆዱ የሚመልስባቸው ቦታዎች ናቸው። ለአራት ዓመት በየምሽቱ «አዎ» ሲልሽ የነበረ ሰው አለ። አንቺ አልሰማሽውም፣ እሱ ግን ብሏል።

ይህ «እኛ» ከ«አንቺ» ይበልጥ ያስራል፤ እንዲህ የምለው ከሥራ ልምዴ ነው። «አንቺ» ያለ ሰው አዋቂ ሆኖ ይመክራል። «እኛ» ያለ ሰው እኩል ነው፤ እሱም አልተኛም፣ እሱም ጣሪያ እያየ ነው። አድማጩ ጉዳዩ ላይ ባለቤትነት ያገኛል። ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ ሲቀር ይቆጣል።

የአዲሱን ዝግጅት መጀመሪያ እንዲሁ ሰማሁ። «ውድ አድማጮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ በፖድካስታችን እኛ ይዘን የቀረብነው...» ርዕሱን ለጊዜው ተዪውና «እኛ»ን ብቻ ተከተዪ። ለአራት ዓመት «እኛ» ማለት አንቺና አድማጩ ነበራችሁ። በአንድ ምሽት «እኛ» አንቺና እንግዳሽ ወይም አንቺና አዘጋጆቹ ሆነ፤ አድማጩ «እናንተ» ሆኖ ወጣ። ቋንቋችን ሁለቱን «እኛ» በቃል አይለያቸውም፤ ሰው ግን ከየትኛው ውስጥ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። ርዕሱን ቀይረሽ «ዛሬ ስለ ሥራ እናስብ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል» ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ ከቁጣው ጥቂት የማይባለው አይመጣም ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ 40ዎቹን አስተያየቶች ሰዎቹ በምን እንደተነኩ ለየኋቸው። ስለ አዲሱ ርዕስ የሚያጉረመርሙት 8 ብቻ ናቸው። 22ቱ ስለ አነጋገርሽና ስለ አወጣጥሽ ነው የሚያወሩት፦ «ድምፅሽ ተለወጠ»፣ «እንደማታውቂን ነው የምታናግሪን»፣ «ሁለት ሳምንት ጠፍተሽ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለስሽ»። 5ቱ በማስታወቂያው ላይ ናቸው። 3ቱ ስድብ ብቻ ናቸው፣ ምንም አይነግሩንም። የቀሩት 2 ሌላ ዓይነት ናቸው፤ እነሱን ለመጨረሻ አቆያቸዋለሁ። አንድ ሰው የጻፈው ሁሉንም ይናገራል፦ «የሚናፍቀኝ ስለ እንቅልፍ የምትነግሪን አይደለም፣ እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ‹አልተኛንም፣ አይደል?› የምትይው ነው።»

ሁለቱ ሳምንት ዝምታ ከገመትሽው በላይ ጎድቶሻል። አንቺ አዲሱን ዝግጅት እያሰናዳሽ ነበር። የሥራ ሰው እንዲህ ነው፤ ሳያልቅ አያወራም። አድማጩ ግን በየማታው በተለመደው ሰዓት ይመጣ የነበረ ሰው ነው የቀረበት። ታመመች ይሆን ብሎ አስቧል። ከዚያ ስትመለሺ ደህና እንደነበርሽ፣ ደህና ሆነሽ ዝም እንዳልሽ አወቀ። ሲጨነቅልሽ ቆይቶ የተጨነቀው በከንቱ እንደነበር ሲያውቅ ጭንቀቱ ወዲያው ወደ ቁጣ ይዞራል። ልጅ ጠፍቶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚቀምሰው ቁጣ አይደል?

አንድ ቴክኒካዊ ነገርም አለ፣ ምናልባት አላሰብሽውም። አዲሱን ዝግጅት የለቀቅሽው በድሮው ፊድ፣ ማለትም ተመዝጋቢዎችሽ ክፍሎቹን በሚቀበሉበት መስመር ላይ ነው። ፖድካስት ደግሞ ሰዉ ፈልጎ የሚከፍተው ነገር ብቻ አይደለም፤ የተመዘገበው ሰው ስልክ ላይ ራሱ ይወርዳል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይቀጥላል። ከ22ቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች እያንቀላፉ ሳሉ በመግቢያ ሙዚቃና በሁለት ሰው ሳቅ ባንነው መንቃታቸውን ጽፈዋል። እነዚህን «ለውጥ የማይወዱ» ብለሽ አትለፊያቸው። እንዲተኙ ያስለመድሻቸው ድምፅ ነው የቀሰቀሳቸው።

ማስታወቂያውን በተመለከተ 5 አስተያየት ትንሽ ይመስላል፣ መርዛሞቹ ግን እነሱ ናቸው። ምክንያቱን ለማሳየት ወደ ኋላ ልሂድ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1943 ኬት ስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት ዘፋኝ የጦርነት ቦንድ ለመሸጥ በአንድ ቀን ለ18 ሰዓት ያህል ደጋግማ በሬዲዮ ቀረበች፤ 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቃል አስገባች። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ሮበርት መርተን አድማጮቿን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1946 መጽሐፍ አወጣ። ሰዎቹ ደጋግመው የነገሩት ስለ ቅንነቷ ነው። ድምፅዋ እየደከመ ሲሄድ ሰምተዋል፤ እየለፋች ነው፣ ለራሷ የምታገኘው የለም ብለው አመኑ። ነገር ግን መርተን ሌላም አየ። የሰው ቅርበት መሸጫ ሆኖ በኖረበት ዓለም አድማጩ ሁልጊዜ ግማሽ ጆሮውን ለጥርጣሬ ይተዋል። ይህች ሰው በእውነት ታስብልኛለች ወይስ ልታገኝብኝ ነው? ለኬት ስሚዝ ያ ጥያቄ በልፋቷ ተመለሰ።

አንቺ ለአራት ዓመት ገንዘብ ሳትጠይቂ በመቆየትሽ ያንኑ ጥያቄ መልሰሽላቸው ነበር። በአዲሱ ዝግጅት በአምስተኛው ደቂቃ ላይ የስፖንሰሩን መልእክት ስታነቢ ግን አንድ እንግዳ ነገር አደረግሽ፦ የድሮው ድምፅሽ ተመለሰ። ቀስ አልሽ፣ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረብሽ። በሙሉ ዝግጅቱ ውስጥ ያ ቃና የተሰማው በማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ሆን ብለሽ አይመስለኝም፤ ብቻሽን ማንበብ የለመድሽው እንደዚያ ስለሆነ ነው። የሚሰማው ሰው ግን «ለካ ያ ድምፅ ይሸጣል» ይላል፤ ይህ ደግሞ አዲሱን ዝግጅት ብቻ አይነካም። ያለፉት አራት ዓመታት በሙሉ እንደገና ይተረጎማሉ። «ለዚህ ነበር ያዘጋጀሽን» ያለችው ሴት ያደረገችው ይህንን ነው። ሳንቲም አለማስከፈልሽ መከላከያ የማይሆንልሽም ለዚህ ነው፤ ከእነሱ የወሰድሽው ገንዘብ ነው ብሎ የከሰሰሽ ሰው የለም።

ቅርርብ ሲበላሽ ለምን ከእንግድነት የባሰ እንደሚሆን ያኒ ግሬጓር ከባልደረቦቹ ጋር በደንብ አጥንቶታል። ያጠኑት በድርጅት የተበደሉ ደንበኞችን ነው፤ ስለዚህ ለአንቺ ጉዳይ በጥንቃቄ ነው የምጠቀመው። ያገኙት ግን በእኛም ሥራ የምናየው ነው። ቅርብ የነበረው ደንበኛ ክህደት ነው ብሎ ካሰበ ከሌላው በላይ ይጎዳል። ጊዜ ሲሄድ የበቀል ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ በቅርቡ ደንበኛ ላይ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፣ መራቁ ደግሞ በፍጥነት ይጨምራል። ከዚህ ሁለት ነገር ለአንቺ ይወጣል። በሚቀጥሉት ወራት ስድቡ ሲቀንስ «ለመዱት» አትበዪ፤ ምናልባት እየሄዱ ነው። ሁለተኛው የሚያጽናና ነው፦ ቅርብ የነበረ ሰው ካሳው ትንሽ ቢሆንም ይቀበላል። ትልቅ ነገር አይፈልግም፣ እንዳየሽው ማወቅ ነው የሚፈልገው።

ግን 40 ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጆናታን ኮሄን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት 381 እስራኤላውያን አዋቂዎችን የሚወዱት የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርይ ቢወጣ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀ። በእውነተኛ ግንኙነታቸውም «ትተውኝ ይሄዳሉ» ብለው የሚሰጉት ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ሐዘን ጠበቁ። የጠየቃቸው ስለ ታሰበ መለያየት ነው፣ ስለ ደረሰ አይደለም፤ ቢሆንም ማንን እያነበብሽ እንዳለሽ ያስታውሳል። ሌሊት ብቻቸውን ነቅተው የሚያድሩ ሰዎችን ለአራት ዓመት ሰብስበሻል። ከመካከላቸው መተው የሚያስፈራቸው ብዙ ቢሆኑ አይገርምም። የሚጽፉት ደግሞ እነሱ ናቸው። ያዘነውን ከተቆጣው ለመለየት እኔ የማየው ግሱን ነው። ያዘነ ሰው ስለ ራሱ በኃላፊ ጊዜ ይጽፋል፦ «እሰማሽ ነበር»፣ «አብሬሽ እተኛ ነበር»። የተቆጣው ስለ አንቺ፣ ስለ ዓላማሽ ይጽፋል፦ «ፈልገሽ ነው»፣ «ገንዘብ አገኘሽ»። ለሁለቱ መልሱ አንድ አይደለም።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። አዲሱን ዝግጅት ከድሮው ፊድ አውጥቼ የራሱን ፊድ እከፍትለታለሁ። ቁጥርሽ ይወድቃል፣ ምናልባት በጣም፤ አሁን ያለሽ ቁጥር ግን የአዲሱ ዝግጅት አድማጭ አይደለም፣ የድሮው ሐዘንተኛ ነው። በድሮው ፊድ ላይ የድሮውን ስምና ሥዕል መልሺ፣ የቆዩትን ክፍሎች አንዱንም አትሰርዢ። ሰው ሌሊት ተመልሶ የሚሰማቸው እነሱን ነው።

ከዚያ በድሮው ፊድ ላይ፣ በድሮው ሰዓት፣ አንድ የመጨረሻ ክፍል ልቀቂ። ሙዚቃ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ስፖንሰር የለም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የገባሽበትን ቃና ይዘሽ ነው መውጣት ያለብሽ። በ«ውድ አድማጮቻችን» ስንብት ከጀመርሽ ደብዳቤ ጽፎ በጸሐፊ እንደመላክ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ሳምንት አንሺ፦ «ጠፋሁ፣ አልነገርኳችሁም፣ መናገር ነበረብኝ።» የተቀሰቀሱትን ሰዎችም ሳትረሺ። ከዚያ የሄድሽበትን ምክንያት አንዱን ብቻ፣ እውነተኛውን ተናገሪ። ደክሞሽ ከሆነ ደከመኝ በዪ። ራስሽ መተኛት ጀምረሽ «አልተኛንም» ማለቱ ውሸት ሆኖብሽ ከሆነ እሱን በዪ፤ ከጥያቄሽ አጻጻፍ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬያለሁ። «ለእናንተ ብዬ ነው» ግን እንዳትዪ። ሁሉም ይህን ማለት ይወዳል፣ ከሁሉም የሚያስቆጣው ደግሞ እሱ ነው፤ ያልጠየቁትን ነገር በስማቸው እንደመፈረም ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ወደ አዲሱ ዝግጅት አትጥሪያቸው። ይህን ስል የማስታወቂያ ባለሙያዎች ይስቁብኛል፣ እንዲያውም ከአንዱ ጋር ተጣልቼበታለሁ። በክፍሉ መግለጫ ላይ አንድ መስመር ጽፈሽ ብትተዪ የሚፈልግ ያገኘዋል። በለሆሳስ ቃና መጋበዝ ግን የማስታወቂያውን ስህተት መድገም ነው፤ ስንብቱ ራሱ ወጥመድ ይመስላል።

በአዲሱ ዝግጅት ላይ የድሮውን ቃና ለመመለስ አትሞክሪ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ስለ ሥራ ሲወያይ ለሆሳስ ያስቃል። «እናንተ» በዪ፣ ግልጽ በሆነ ድምፅ፤ ስፖንሰሩንም በዚያው ድምፅ አንብቢ። አዲስ የሚመጣው ሰው ያንን ይለምዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ርዕስ ስትቀይሪም እንደ ስልክ ጠጋኙ ልጅ ታልፊዋለሽ። ከድሮዎቹ የማይመለሱ አሉ፣ ብዙዎቹም ይሆናሉ። መልካም የመጨረሻ ክፍል እነሱን አይመልስም። የሚለውጠው ድሮ የሰሙትን ነገር እንዴት እንደሚያስታውሱት ነው።

ለአስተያየቶቹ ሁሉ አትመልሺ። በዓላማሽ ላይ ለጻፉት ሰዎች አንድ በአንድ መከላከል ክርክር ይሆናል፤ ክፍሉ ይመልስላቸዋል። ላዘኑት «አንብቤዋለሁ» የሚል አጭር ቃል በቂ ነው። ያቆየኋቸው ሁለቱ ግን የተለዩ ናቸው። አንዱ ከሁለቱ ሳምንት በመጀመሪያው ላይ የተጻፈ ነው፣ ሌላው አዲሱ ዝግጅት ከወጣ በኋላ። ሁለቱም የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ደህና ነሽ?» እስካሁን አልመለስሽላቸውም። ክፍሉን ከመቅዳትሽ በፊት ዛሬ ማታ ለእነሱ መልሺ።